አክሲዮን፣ ቦንድ ወይስ ካሽ? አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የሰው ታክስ መሥራት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ሰው ታክሱ ካለቀ በኋላ ቁጭ ይልና "እስቲ ይሄንን 401ኬ እየው" ይለኛል፤ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሚቆጥበውን የጡረታ ሂሳብ ማለቱ ነው። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ያው ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

42 ዓመቴ ነው። ምን ያህሉን አክሲዮን ላይ ላድርግ?

ሁሉም ሰው የሰማት ቀመር አለች፤ ከ110 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የቀረው በመቶኛ አክሲዮን ይሁን፣ ሌላው ቦንድ፣ ማለትም ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ ያበደርከው ብር፣ እና ካሽ። ድሮ ከ100 ላይ ነበር የሚቀነሰው፣ ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ሲጀምር ወደ 110 አሳደጓት። ባንተ ዕድሜ 68 በመቶ አክሲዮን ይሆናል ማለት ነው።

ለአንድ ነገር ብቻ፣ ማለትም ለጡረታ፣ በ20ዎቹ ዕድሜው መቆጠብ ለጀመረና ሌላ ሐሳብ ለሌለው ሰው ቀመሯ ክፉ አይደለችም። እኛ ግን እንደዚያ አይደለንም። ቤት ልንገዛ ነው፣ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ነው፣ አገር ቤት እናት አሉ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕድሜን ሳይሆን ብሩ የሚወጣበትን ቀን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚወጣ ብር የ25 ዓመት ልጅም ይያዘው የ65 ዓመት ሰው፣ አክሲዮን ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

ለምን? አክሲዮን ሁሌም ተመልሶ ይነሣ የለ?

ይነሣል፣ እስካሁን ተነሥቷል። ጥያቄው መቼ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ ማለትም የ500 ያህል ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ፣ በፈረንጆቹ 2008 ብቻ 37 በመቶ ወርዷል። ከ2007 ኦክቶበር ጫፉ ተነሥቶ 2009 ማርች ላይ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ ነበር፤ ዋጋው ወደነበረበት የተመለሰው በ2013 ነው። በ2020 ደግሞ በአምስት ሳምንት 34 በመቶ ወርዶ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተመለሰ። አንዴ አምስት ዓመት ተኩል፣ አንዴ ስድስት ወር። የትኛው እንደሚደርስህ ቀድሞ የሚነግርህ ሰው የለም።

ለዚህ ነው እኔ አምስት ዓመትን እንደ መስመር የምይዘው። ከዚያ በታች ለሚያስፈልግ ገንዘብ ካሽና አጭር ቦንድ፣ ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው በአብዛኛው አክሲዮን፣ መሐል ላይ ያለው ድብልቅ። ሕግ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ከለቅሶ ያድናል።

እሺ፣ በቁጥር አሳየኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ፣ እሱ 42፣ እሷ 38፣ የ11 ዓመት ልጅ አለቻቸው። ጠቅላላ ያላቸው 130,000 ዶላር ነው፤ 75,000 በሁለቱ 401ኬ፣ 12,000 በልጅቷ የኮሌጅ ሂሳብ ማለትም 529 በሚባለው፣ 43,000 ባንክ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቤት መግዛት ይፈልጋሉ፣ ለዳውን ፔይመንት 40,000 ያስፈልጋቸዋል። የወር ወጪያቸው 4,500 ነው።

መጀመሪያ መጠባበቂያ። የአራት ወር ወጪ ብንይዝ 18,000 ይሆናል፣ ካሽ፣ ያለ ክርክር። ባንክ ካለው 43,000 ላይ ይህ ሲነሣ 25,000 ይቀራል፤ እሱ የቤቱ ነው። 15,000 ይጎድላል፣ በ36 ወር ሲካፈል በወር ወደ 417 ዶላር መጨመር አለባቸው። ይህም ካሽ ነው፣ ቀኑ ቀርቧል።

የልጅቷ ገንዘብ ሰባት ዓመት አለው። እዚህ ላይ ግማሽ አክሲዮን ግማሽ ቦንድ አድርጌ ጀምሬ በየዓመቱ አክሲዮኑን እቀንሰው ነበር፣ 17 ዓመቷ ላይ ጥቂት ብቻ እስኪቀር። ብዙ የ529 ፕላኖች ይህን በራሱ የሚያደርግ በልጅ ዕድሜ የተዘጋጀ ምርጫ አላቸው፤ እሱን መምረጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም 529 ውስጥ ያለን ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር የሚቻለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የጡረታው 75,000 ገና 25 ዓመት አለው። 85 በመቶ አክሲዮን፣ 15 በመቶ ቦንድ፤ 63,750 እና 11,250።

አሁን ሁሉንም ደምሩት። አክሲዮን 69,750፣ ቦንድ 17,250፣ ካሽ 43,000። በመቶኛ ወደ 54፣ 13 እና 33 ይመጣል። የዕድሜ ቀመሯ ግን 68 በመቶ ማለትም 88,400 ዶላር አክሲዮን አድርጉ ትል ነበር። ልዩነቱ 18,650 ነው፤ የልጅቷንና የጡረታውን ድልድል ካልነካን ያ ብር የሚመጣው ከቤቱና ከመጠባበቂያው ነው። እንደ 2008 ዓይነት ዓመት ቢገጥማቸው ከእሱ ላይ 6,900 ዶላር ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በዚያ ዓመት ሰው ከሥራ እየተባረረ ነበር፣ ማለትም መጠባበቂያው የሚፈለግበት ጊዜና አክሲዮን የሚወርድበት ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ልብ በሉ፣ 54 በመቶ የሚለውን ቁጥር ማንም አልመረጠውም። ከታች፣ ከእያንዳንዱ ዓላማ ተደምሮ የወጣ ነው። ቤቱን ገዝተው ሲጨርሱ ካሹ ይወጣና የአክሲዮኑ ድርሻ ሳይነኩት ከፍ ይላል። ያ ችግር አይደለም።

ካሽ ስትል ቼኪንግ ሂሳብ ላይ ይቀመጥ ማለት ነው?

አይደለም። ቼኪንግ ላይ የወሩን ወጪ ብቻ ተዉ። ሌላው ከፍ ያለ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ወይም ብሩ ለተወሰነ ጊዜ በሚታሰርበት ሲ.ዲ. ላይ ይሁን፤ ባንክ ቢከስር የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ኤፍ.ዲ.አይ.ሲ፣ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። ሌላው መንገድ ቲ-ቢል ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ ሰነድ። ከ4 እስከ 52 ሳምንት ይቆያል፣ በ100 ዶላር መጀመር ይቻላል፣ ወለዱ ላይ ፌዴራል ታክስ እንጂ የስቴት ታክስ የለም። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቤት ብርን 401ኬ ውስጥ አትክተቱ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጣችሁት በአብዛኛው ከታክሱ ሌላ ካወጣችሁት ብር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል።

ቦንድ ዋስትና ያለው ነው ተብዬ ነበር፣ 2022 ላይ ወደቀብኝ። ምን ተፈጠረ?

ይሄ ጥያቄ በ2023 የታክስ ወቅት ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነበር። በ2022 አክሲዮን ወደ 18 በመቶ ሲወርድ፣ ሰው መጠጊያ ብሎ የያዘው ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ ገበያም ወደ 13 በመቶ ወረደ። ሰው ተታለልኩ አለ። አልተታለለም፣ ግን ቦንዱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት 20 ዶላር የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ አለሽ እንበል፣ ዋናው የሚመለሰው በ10 ዓመት። ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ከፍ አደረገና አዲስ የሚወጣው ቦንድ 40 ዶላር ይከፍላል። ያንቺን በ1,000 ማን ይገዛሻል? ሰው 40 የሚከፍለውን ይወስዳል። ያንቺ የሚሸጠው ወደ 840 ዶላር ገደማ ሲወርድ ነው። አሁን ያው ቦንድ ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ቢሆንስ? ወደ 980 ይሸጥ ነበር፣ ጉዳቱ 20 ዶላር ነው። መንግሥት አልከሰረም፣ ብድሩም አልተካደም፣ ልዩነቱ ጊዜው ብቻ ነው።

በተግባር ይህ የሚታየው ብዙ ቦንድ አንድ ላይ በሚይዘው ፈንድ ገጽ ላይ "ዱሬሽን" በሚል ስም በተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 6 ከሆነ ወለድ በ1 በመቶ ከፍ ሲል ፈንዱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፣ ወለድ ሲቀንስ ደግሞ በተቃራኒው። የእኔ ምክር ቀላል ነው፤ ዱሬሽኑ ብሩ ከሚያስፈልግሽ ዓመት አይብለጥ። በሦስት ዓመት ለሚፈለግ ገንዘብ ዱሬሽኑ 2 የሆነ ፈንድ፣ ለጡረታ 6 ቢሆን ችግር የለውም። 2022 ላይ የተጎዱት የቅርብ ጊዜ ብራቸውን ረጅም ቦንድ ውስጥ ያስገቡ ናቸው። ሌሎቹ አሁን ከፍ ያለ ወለድ እየበሉ ነው።

ወለድ የማልበላ ሙስሊም ነኝ። ቦንዱን በምን ልተካው?

ሱኩክ፣ ማለትም በሸሪዓ መሠረት ቦንድን የሚተካ ሰነድ፣ የሚይዙ ፈንዶች አሜሪካ ውስጥ አሉ፣ ለአክሲዮኑም በሸሪዓ የተጣሩ ፈንዶች አሉ። ምርጫው ጠባብ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያውም እንደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ያለ መለኪያን ብቻ ከሚከተለው ተራ ኢንዴክስ ፈንድ ከፍ ይላል። 401ኬ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኙም፣ በራስህ በምትከፍተው የጡረታ ሂሳብ፣ በአይ.አር.ኤ፣ ግን መግዛት ትችላለህ። ከሱኩክ ውጪ ያለውን የተረጋጋ ድርሻ ወለድ በሌለው ሂሳብ በካሽ መያዝ ይቻላል፣ ዋጋው የዋጋ ግሽበት ነው።

58 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ የመጣሁት በ47 ዓመቴ ነው። አሁን አክሲዮን ውስጥ መግባት አያስፈራም?

እማማ፣ የእርስዎ ጥያቄ ነው እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደው። የፈረንጅ መጻሕፍት የተጻፉት ለ35 ዓመት ሠርቶ ሶሻል ሴኩሪቲው ለሞላለት ሰው ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ለማግኘት 40 ክሬዲት ማለትም አሥር ዓመት ያህል ሥራ ይበቃል፣ እርስዎ ያንን አልፈዋል። የክፍያው መጠን ግን የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባለዎት 35 ዓመታት ነው፣ የጎደሉት ዓመታት እንደ ዜሮ ይቆጠራሉ። 67 ዓመትዎ ላይ 20 ዓመት ሠርተው ቢሆን 15 ዜሮ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከራስዎ ቁጠባ የሚጠበቀው ይበልጣል።

ይህ ነገር በሁለት አቅጣጫ ይጎትታል። ገንዘቡ እስከ 85፣ 90 ዓመት መድረስ ስላለበት ማደግ አለበት፣ ካሽ ብቻ ሆኖ ከተቀመጠ ኑሮ ውድነት ይበላዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ትልቅ ውድቀት ቢመጣ የሚሞላበት ደሞዝ የለም።

በቁጥር ልንገርዎት። ጡረታ በወጡበት ዓመት 200,000 አለዎት እንበል፣ በዓመት 12,000 ያወጣሉ፣ 6 በመቶ መሆኑ ነው። ሁሉም አክሲዮን ሆኖ 12,000 እንዳወጡ 37 በመቶ ቢወርድ የሚቀረው 118,000 ገደማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው 12,000 ከቀረው ላይ 10 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ጉድጓድ መውጣት ይከብዳል፤ ገበያው ቢመለስም የሸጡት አክሲዮን አይመለስም። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ኖሮና ቦንዱ በ2008 እንደሆነው 5 በመቶ ቢያስገኝ፣ የሚቀረው ወደ 158,000 ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ለቀጣዮቹ ዓመታት ወጪ ከቦንዱ እየወሰዱ አክሲዮኑን ሳይሸጡ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ለእርስዎ አሁን 55 ወይም 60 በመቶ አክሲዮን፣ ጡረታ ሲደርስ 45 ወይም 50፣ ከዚያ ውጪ የሁለት ዓመት ወጪ በካሽና በአጭር ቦንድ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ልሮጥ ብሎ 90 በመቶ አክሲዮን ማድረግን እኔ አልደግፍም። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ያጣው ጊዜ ነው፣ አክሲዮን ደግሞ ጊዜ የሌለውን ሰው ነው የሚቀጣው። ከዚህ ይልቅ ሁለት ዓመት ጨምሮ መሥራት ብዙ ነገር ይቀይራል፤ አንድ ዜሮ በወጣ ቁጥር ሶሻል ሴኩሪቲውም ይጨምራል።

401ኬ ውስጥ ዓመት የተጻፈበት ፈንድ አለ፣ 2050 ምናምን የሚል። ምንድነው?

ታርጌት ዴት ፈንድ ይባላል። ዓመቱ ጡረታ የምትወጣበት ነው። ሩቅ ሲሆን ወደ 90 በመቶ አክሲዮን ይይዛል፣ ዓመቱ ሲቀርብ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለጡረታ ብር፣ በተለይ መነካካት ለማይወድ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ቀላል ነገር አላውቅም። ዓመታዊ ክፍያውን ግን እዩ፤ ኢንዴክስ ፈንዶችን የሚጠቀመው ርካሽ ነው፣ ሌላው ብዙ እጥፍ ሊወስድ ይችላል።

ሁለት ስህተት አያለሁ። አንደኛው የ2050ውን ገዝቶ ከጎኑ ሌላ አራት ፈንድ መጨመር ነው፣ ያኔ ድብልቁ ፈርሷል። ሁለተኛው ስሙን አምኖ ውስጡን አለማየት ነው፤ ጡረታው ዓመት ላይ አንዱ ግማሹን አክሲዮን ይይዛል፣ ሌላው ከዚያ ያነሰ ወይም የበለጠ። ዓመቱ ለእናንተ ሐሳብ ካልተስማማ የ2050ውን ትታችሁ የ2040ውን መምረጥ ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክልም።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም። አክሲዮን ብዬ ልቁጠረው?

የባንኩ አክሲዮን አዎ አክሲዮን ነው፣ ግን አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዘርፍ፣ አንድ አገር ነው። ከ500 ኩባንያ ጋር እኩል አይቆጠርም። ደግሞ የብር ምንዛሪ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የትርፍ ድርሻው በብር ቢያምርም በዶላር ሲቆጠር ሌላ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነበር፤ ቢሆንም በፈለጋችሁበት ቀን ሸጣችሁ ዶላር ታገኛላችሁ ብላችሁ አታቅዱ።

ወጪያችሁ በዶላር ከሆነ እኔ ይህንን ሁሉ ከድልድሉ ውጪ ነው የማስቀምጠው። አገር ገብታችሁ ልትኖሩ ካሰባችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የወደፊት ወጪያችሁ በብር ነው፣ ቤቱም የቤት ኪራይ ያስቀርላችኋል።

እቁቤስ?

ገና ያልደረሰሽ ከሆነ እስካሁን የጣልሽው ካሽ ነው፣ ግን ቀኑ የማይታወቅ ካሽ፤ ዕጣ ነውና ለዳውን ፔይመንት አትቁጠሪበት፣ ተራሽ በስምምነት ካልታወቀ በቀር። ቀድመሽ ከወሰድሽ ደግሞ የቀረው ዕዳ ነው። በወር 1,000 እየጣልሽ 14 ወር ከቀረሽ፣ 14,000 ዶላር ከካሽሽ ላይ ቀንሽ።

ሥራ ቀይሬ 401ኬዬን ወደ አይ.አር.ኤ አዛወርኩ፣ አላደገም። ለምን?

ካሽ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል። አትፈር፣ እኔም ደርሶብኛል፤ ብሬን አዛውሬ ሁለት ዓመት ያህል ሳልከፍተው ቆየሁ፣ ከፍቼ ሳየው ምንም ያልተገዛበት ካሽ ነበር፣ ገበያው እየወጣ እያለ። ኩባንያው የላከልኝ ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ፣ ማን ያነባል! ብዙ ጊዜ ሲዛወር የድሮው ፈንድ ይሸጥና ብሩ ብቻ ይሄዳል፣ ከዚያ መግዛት የአንተ ሥራ ነው። ሮት አይ.አር.ኤ ውስጥ በየዓመቱ ብር የምታስገቡም እንዲሁ፤ ማስገባትና መግዛት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሂሳባችሁን ክፈቱና ያላችሁን ዝርዝር እዩ፣ የፈንድ ስም ከሌለና ካሽ ወይም መኒ ማርኬት ብቻ ከተጻፈ አልተገዛም።

ድልድሉ ሲዛባ መቼ ላስተካክለው?

በዓመት አንዴ፣ ለምሳሌ ታክስ ስትሠሩ፣ እዩት። ከታሰበው 5 ነጥብ በላይ ካልራቀ ተዉት። 80 በ20 ብለሽ 50,000 ይዘሽ ጀመርሽ እንበል፣ 40,000 አክሲዮን፣ 10,000 ቦንድ። አክሲዮን 30 በመቶ ወርዶ 28,000 ሆነ፣ ቦንዱ ባለበት ቆመ። ድምሩ 38,000 ነው፣ አክሲዮኑ ወደ 74 በመቶ ወርዷል። 80 በመቶው 30,400 ስለሆነ 2,400 ዶላር ከቦንድ አንሥተሽ አክሲዮን ትገዢበታለሽ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዜናው ሁሉ እሳት ነው፣ ግን የዚያን ቀን ርካሽ የምትገዢው አንቺ ነሽ።

ይህን 401ኬ ወይም አይ.አር.ኤ ውስጥ አድርጊው፣ እዚያ ውስጥ መሸጥና መግዛት ታክስ አያመጣም። ተራ ሂሳብ ላይ ከሆነ ግን ባተረፈ ነገር ላይ ሽያጭ ታክስ አለው፣ ስለዚህ ከመሸጥ ይልቅ አዲስ የምታስገቢውን ብር ወደ ጎደለው ወገን ላኪው።